«ከሰል ሰጥተናት ነበር እኮ ዶክተር»

የዛሬውን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከዱራሜ አካባቢ ወደ ሆሳዕና የመጣች የሁለት ዓመት ሕፃን ናት።

እናቷ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ከጤና ጣቢያ የአይረን ኪኒን ተሰጥቷታል። ቀይ ነው፣ ላዩ ጣፋጭ ስለሆነ ለልጅ ከረሜላ ይመስላል። ልጅቷ አግኝታ በላችው። አያትየው ወዲያው የማዕድ ቤት ከሰል ወቅጠው በወተት አጠጧት። ልጅቷ ደጋግማ አስመለሰች፣ ተቀማጥም ያዛት፤ ከዚያ ረጋ ብላ ተኛች። ቤተሰቡም «ከሰሉ ሠራ» ብሎ አደረ። በማግስቱ ስትዝለፈለፍ ይዘዋት መጡ። «ከሰል ሰጥተናት ነበር እኮ ዶክተር» አሉኝ አያትየው።

እማማ ከሰልን ከመሬት ተነስተው አላመጡትም። እኛም ሆስፒታል ውስጥ ለመርዝ ከሰል እንሰጣለን። ግን የኛው አክቲቬትድ ቻርኮል ይባላል። ከሰሉ በከፍተኛ ሙቀት በእንፋሎት ተመትቶ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች እንዲኖሩት የተደረገ ነው። የአንዱ ግራም ገጽ ቢዘረጋ ወደ 1000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለአዋቂ የምንሰጠው 50 ግራም ደግሞ ሀዲያ ሆሳዕና የሚጫወትበትን ዓይነት ሰባት ሜዳ ያህላል። የምድጃ ከሰል ይህ የለውም።

መርዙ በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ይለጠፍና ወደ ደም ሳይገባ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ታዲያ ሁሉም መርዝ አይለጠፍም። ቅቤና ጨውን አስቡ። ቅቤ ውሃን ይሸሻል፣ ያገኘው ነገር ላይ ይጣበቃል። ጨው ግን ውሃ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። እንደ ፌኖባርቢታልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ ብዙ መድኃኒቶች ወደ ቅቤው ጠባይ ያደላሉ፤ ሞለኪውላቸውም ትልቅ ስለሆነ ከሰሉ ላይ ተንጋለው ይጣበቃሉ። አይረን ግን እንደ ጨው ነው። ጨጓራ ውስጥ ሲሟሟ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የያዘ ቅንጣት ይሆናል፤ ውሃው ዙሪያውን ከቦ አይለቀውም። ከሰሉ ደግሞ ቻርጅ ስለሌለው የሚስብበት ኃይል የለውም። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊትየምም እንዲሁ ነው።

አልኮልስ? «ከመጠጥ በፊት ከሰል ብወስድ አልሰክርም ወይ?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። የአልኮል ሞለኪውል ትንሽና ውሃ ወዳድ ስለሆነ ከሰሉ ላይ እምብዛም አይያዝም፤ በዚያ ላይ ቶሎ ወደ ደም ይገባል። መጠኑም ከባድ ነው። ከሰል በደንብ የሚሠራው ከመርዙ በክብደት 10 እጥፍ ያህል ሲሆን ነው። አራት ጠርሙስ ቢራ ውስጥ ከ50 ግራም በላይ አልኮል አለ። ቢለጠፍ እንኳ ግማሽ ኪሎ ከሰል ሊበላ ነው ማለት ነው! ሜታኖል ያለበት አረቄ የጠጣ ሰውም ዓይኑ ከደበዘዘ የሚያድነው ከሰል ሳይሆን የሆስፒታል ሕክምና ነው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። እናቷ ማሸጊያውን ይዛ መምጣቷ በጣም ጠቀመን። ስንቆጥር 14 ፍሬ ጎድሏል። በአንዱ ፍሬ ውስጥ 60 ሚሊግራም አይረን ስላለ በድምሩ 840 ይሆናል። ልጅቷ 11 ኪሎ ነች፤ ስለዚህ በኪሎ ወደ 76 ሚሊግራም ደርሷታል ማለት ነው። ከ20 በላይ ሲሆን እንሰጋለን፣ ከ60 በላይ ሲሆን ለሕይወት ያሰጋል። ለዚች ልጅ አራት ፍሬ እንኳ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነበር።

ያ ረጋ ብላ የተኛችበት ሰዓትስ? የአይረን መርዝ ወጥመዱ እዚያ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ማስመለስና ተቀማጥ ይመጣል። ቀጥሎ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ልጁ የተሻለው ሊመስል ይችላል። ውስጥ ውስጡን ግን አይረኑ ጉበትንና ልብን እየጎዳ ነው። አይረንን ከደም የሚያወጣው ዴፈሮክሳሚን የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ እሱም በየሆስፒታሉ አይገኝም። ልጅቷን ግሉኮስ ሰጥተን ወደ አዲስ አበባ ላክናት። ተርፋለች፣ ግን ለጥቂት ነው።

ስለዚህ ልጅ ኪኒን ከዋጠ ቤት ውስጥ ከሰል አትውቀጡ፣ ወተትም አታጠጡ፣ ጣት ከትታችሁም አታስመልሱት። የሚያንቀላፋ ልጅ ከሰሉ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። አክቲቬትድ ቻርኮልም ቢሆን በሚሠራበት መርዝ ላይ የተሻለ የሚጠቅመው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ስትወቅጡ የምታጠፉት ጊዜ ለመንገዱ ይሁን። ማሸጊያውን ያዙ፣ የጎደለውን ቁጠሩ፣ ባጃጅም ቢሆን ይዛችሁ ሩጡ። «ተሻለው» ብላችሁም ከመንገድ አትመለሱ።

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ለምታውቁ ሁሉ ሼር አድርጉላቸው።