በሁለት ንባቦች መካከል

በኮምፒውተር የሚሠራ መቆጣጠሪያ የሚቆጣጠረውን ነገር ያለማቋረጥ አያይም። ከሴንሰሩ አንድ ንባብ ይወስዳል፣ ያሰላል፣ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከዚያ ቀጣዩ ንባብ እስኪደርስ ዐይኑን ጨፍኖ ይቆያል። በሁለት ንባቦች መካከል ያለው ይህ ጊዜ የናሙና ክፍተት ይባላል። ክፍተቱ ከመጠን በላይ ሲረዝም መቆጣጠሪያው ዘግይቶ ይደርሳል። ርዝመቱ ትክክል ሆኖ እንኳ ሳይጠበቅ የቀረ ነገር ካለ፣ መቆጣጠሪያው ያልነበረ ለውጥ አይቶ ሊያሳድደው ይችላል።

ለሕንፃ ውኃ የሚገፋ ፓምፕን እንመልከት። በቧንቧው ላይ ያለ ሴንሰር ግፊቱን ይለካል፤ መቆጣጠሪያው ግፊቱ 4 ባር ላይ እንዲጸና የሞተሩን ፍጥነት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ትእዛዙ ወደ ፓምፑ ሄዶ ውጤቱ በሴንሰሩ በኩል ተመልሶ ስለሚመጣ አሠራሩ ዝግ ዑደት ነው። ይህ ዑደት ሊከተለው የሚችለው የለውጥ ፍጥነት ወሰን አለው። የሚፈለገው ግፊት ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ሲል ውኃው ይከተላል፤ ውጣ ውረዱ ሲፈጥን መከተሉ እየደከመ ይሄዳል። ምላሹ ከተፈለገው ወደ 70 በመቶ ገደማ የሚወርድበት ፍሪኩዌንሲ የዑደቱ ባንድዊድዝ ይባላል። የዚህ ፓምፕ ባንድዊድዝ 0.5 ኸርዝ ይሁን፤ ማለትም በ2 ሰከንድ አንድ ጊዜ የሚመላለስ ለውጥ ወሰኑ ነው። እንዲህ ያለ ዑደት ግፊቱን ከ3 ወደ 4 ባር እንዲያሳድግ ሲታዘዝ፣ ከጉዞው 10 በመቶ እስከ 90 በመቶ ያለውን በ0.7 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል።

የናሙና ክፍተት የሚመረጠው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሕግ ሞገድን በትክክል ለመያዝ ከፍሪኩዌንሲው ከሁለት እጥፍ በላይ ፈጥኖ ማንበብ ይበቃል ይላል። ሕጉ እውነት ነው፤ ግን የተቀዳን ሞገድ በኋላ ተረጋግቶ መልሶ ለመሥራት ነው። መቆጣጠሪያ የኋላውን መጠበቅ አይችልም። አንድ ጊዜ የሰጠው ትእዛዝ ክፍተቱ እስኪያልቅ ሳይለወጥ ስለሚቆይ፣ በአማካይ በግማሽ ክፍተት ያረጀ ትእዛዝ ነው። በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቢነበብ፣ ማለትም በባንድዊድዙ ሁለት እጥፍ፣ መዘግየቱ ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። ይህ የ2 ሰከንዱ ምልልስ ሩብ፣ በዲግሪ ሲቆጠር 90 ነው። በደንብ የተቃኘ ዑደት ከመናወጥ የሚለየው መጠባበቂያ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ያ መዘግየት ብቻውን ይጨርሰዋል።

ስለዚህ የተለመደው መነሻ ከባንድዊድዙ ከ20 እስከ 40 እጥፍ ነው። ለፓምፑ 20 እጥፍ ማለት በሰከንድ 10 ንባብ፣ ክፍተቱም 0.1 ሰከንድ ነው። መዘግየቱ ወደ 0.05 ሰከንድ፣ በባንድዊድዙ ላይ ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል። እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። አንዳንድ ፕሮግራም የዛሬውን ስሌት የሚያወጣው በቀጣዩ ንባብ ሰዓት ነው። ያኔ ሙሉ ክፍተት ይጨመርና 9 የነበረው 27 ዲግሪ ይሆናል።

ታዲያ በሰከንድ 1000 ጊዜ እያነበቡ ያንኑ ያህል ጊዜ ለምን አይታዘዝም? መቆጣጠሪያው የለውጥን ፍጥነት የሚያሰላው የሁለት ንባቦችን ልዩነት ለክፍተቱ በማካፈል ነው። 10 ባርን በ1024 ደረጃ የሚከፍል ሴንሰር ላይ አንዱ ደረጃ 0.01 ባር ገደማ ነው። ንባቡ በአንድ ደረጃ ቢዘል በ0.1 ሰከንድ ክፍተት የሚታየው ፍጥነት በሰከንድ 0.1 ባር ነው፤ በሺኛ ሰከንድ ክፍተት ግን በሰከንድ 10 ባር ይሆናል። ውኃው ሳይነቃነቅ ፓምፑ ይንቀጠቀጣል።

0.1 ሰከንድ እንግዲህ ከባንድዊድዙ አንጻር ጥሩ ምርጫ ነው። ከልኬቱ ጋር ተጣብቆ የሚመጣ ረብሻ ግን አለ። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የሴንሰሩ ሽቦ በኃይል ገመድ አጠገብ ካለፈ ይህ ምልልስ ልኬቱ ላይ ይጫናል። ፓምፑ 50 ኸርዝን ሊከተል ስለማይችል ጉዳት የሌለው ይመስላል። የግድግዳ ሰዓትን በየ59 ሰከንዱ ብቻ ዐይኑን ገልጦ የሚያይ ሰው ግን የሰከንዷ እጅ በየእይታው በአንድ ሰከንድ ወደ ኋላ ስትሄድ ያያታል። በየ60 ሰከንዱ ቢያይ ደግሞ የቆመች ትመስለዋለች። መቆጣጠሪያው የሚደርስበትም ይኸው ነው። መስመሩ በትክክል 50 ኸርዝ ሲሆን በ0.1 ሰከንድ ውስጥ አምስት ሙሉ ምልልስ ስለሚያልፍ፣ ረብሻው እንደ ቆመ የግፊት ስሕተት ይነበባል። መስመሩ ወደ 49.9 ዝቅ ሲል በየንባቡ የምልልሱ አንድ መቶኛ ይጎድላል፤ ከ100 ንባብ በኋላ፣ ማለትም በ10 ሰከንድ፣ አንድ ዙር ይሞላል፦

|49.9 − 5 × 10| = 0.1

ፈጣኑ ረብሻ 0.1 ኸርዝ የሆነ ዘገምተኛ ሞገድ ለብሶ ባንድዊድዙ ውስጥ ገባ። ይህ አሊያሲንግ ይባላል።

ቀጥሎ የሚሆነው አሳሳች ነው። የረብሻው ቁመት 0.2 ባር ቢሆን፣ መቆጣጠሪያው እውነተኛ የግፊት ለውጥ መስሎት ፓምፑን በተቃራኒው ያንቀሳቅሳል። በዚህ ዝግታ መከተል ስለሚችል ንባቡን አስተካክሎ ቀጥ ያለ መስመር ያደርገዋል። ስክሪኑ ላይ 4 ባር ጸንቶ ይታያል፤ ቧንቧው ውስጥ ግን ግፊቱ ከ3.8 እስከ 4.2 ይመላለሳል። የሽቦ ረብሻ የነበረው አሁን የውኃ ሆነ ማለት ነው። የሚያጋልጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በየ10 ሰከንዱ ከፍ ዝቅ የሚል የሞተር ድምፅ፣ እና ቧንቧው ላይ ያለው ባለ መርፌ የግፊት መለኪያ።

ከንባብ በኋላ በፕሮግራም ማጣራት አይረዳም፤ ሐሰተኛው 0.1 ኸርዝ ከእውነተኛው የሚለይበት ምልክት የለውም። ማጣሪያው ምልክቱ ወደ ዲጂታል ከመቀየሩ በፊት መቀመጥ አለበት። አንድ 33 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና አንድ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ 5 ኸርዝ ገደማ የሚቆርጥ ማጣሪያ ይሠራሉ፤ 50 ኸርዙን ወደ አንድ አሥረኛ ያወርዱታል፤ ዋጋቸውም በባንድዊድዙ ላይ 6 ዲግሪ ያህል ተጨማሪ መዘግየት ነው። 0.2 ባር 0.02 ሆነ፤ ለብዙ ሕንፃ ይበቃል።

የተሻለው መንገድ ንባብንና ትእዛዝን መለየት ነው። ሴንሰሩ በሰከንድ 1000 ጊዜ ይነበባል፤ የመጨረሻዎቹ 20 ንባቦች አማካይ ብቻ በየ0.1 ሰከንዱ ለስሌቱ ይሰጣል። ሃያ ሺኛ ሰከንድ የ50 ኸርዝ አንድ ሙሉ ምልልስ ስለሆነ፣ ላዩና ታቹ ይጣፋል፤ በ49.9 ኸርዝም ቢሆን የሚተርፈው አንድ አምስት መቶኛ ገደማ ነው። መዘግየቱ ከ2 ዲግሪ አይበልጥም። ከ500 ኸርዝ በላይ ላለው ግን ትንሽ የሬዚስተርና የካፓሲተር ማጣሪያ አሁንም ያስፈልጋል። አማካዩ በመካከል ያሉትን፣ ለምሳሌ በደቂቃ 1450 ጊዜ የሚዞር ሞተር የሚያመጣውን 24 ኸርዝ ገደማ ንቅናቄ፣ ብዙም አይቀንስም። እርሱ በ10 ኸርዝ ሲነበብ 4 ኸርዝ አካባቢ ስለሚወድቅ ከባንድዊድዙ ውጭ ይቀራል።

ጥርጣሬ ሲኖር ፓምፑ በአንድ ፍጥነት ተይዞ መቆጣጠሪያው ይለያያል፤ ከዚያ ክፍተቱ ከ0.1 ወደ 0.098 ሰከንድ ይቀየራል። በ10 ሰከንድ ሲመላለስ የነበረው ሞገድ ከ1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ አሊያሲንግ ነው። እውነተኛ የግፊት መዋዠቅ ቢሆን ኖሮ በ10 ሰከንዱ ይቀጥል ነበር።