ፎቶው የማይናገረውን አስቀድሙ

ኢንስታግራም ላይ ከአንድ ፎቶ በታች እስከ 2,200 ፊደል መጻፍ ይቻላል። ሰው ገጹን በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ ሲያልፍ የሚያየው ግን የመጀመሪያዎቹን 125 ያህል ብቻ ነው፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥቡም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ከዚያ ሦስት ነጥብ ይመጣና ቀሪውን ለማንበብ የሚነካው ቃል ይከተላል። ፌስቡክም ረጅም ጽሑፍን እንዲሁ ይቆርጣል። ቴሌግራም በቻናሉ ውስጥ ሙሉውን ያሳያል፤ ነገር ግን ስልኩ ላይ ብቅ በሚለው ማሳወቂያ የሚታየው የጽሑፉ መጀመሪያ ብቻ ነው። የካፕሽን ጸሐፊ ስለዚህ ሁለት አንባቢ አለው። አንደኛው እስከ መቆረጫው አንብቦ የሚያልፍ ነው፤ ሁለተኛው ቀሪውን ከፍቶ የሚያነብ ነው። የመጀመሪያው መስመር ሁለቱንም ማገልገል አለበት፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በአማርኛ ስንጽፍ አንድ ጥቅም አለን። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ሆሄ ስለሚይዝ 125 ፊደል ውስጥ ከ20 በላይ ቃላት ይገባሉ። ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ያለ ችግር ይይዛል ማለት ነው። ነገር ግን በዚያው ልክ አንድ ወጥመድ አለ፤ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «የ» እና «የሚ» እያልን ገላጭ ሐረግ በገላጭ ሐረግ ላይ ስንደርብ ባለቤቱም ግሡም ወደ ኋላ ይገፋሉ። በመጽሐፍ ገጽ ላይ አንባቢው ታግሦ ይጠብቃል። ስልክ ላይ ግን መቆረጫው ከግሡ ቀድሞ ይደርሳል፤ ወሬው ራሱ ሳይነገር ይቀራል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ፎቶው የተነሣው ጎንደር ነው፤ ጥር 11 ቀን ጠዋት፣ በአፄ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር። ውኃው ተባርኮ ወጣቶች እየዘለሉ ሲገቡበት ይታያል። ዙሪያውን ነጭ የለበሰ ሕዝብ ቆሟል፤ በስተኋላ የዛፍ ሥር የተጠመጠመበት የድንጋይ አጥር አለ። ፎቶው ጥሩ ነው እንበል። ከሥሩ ምን ይጻፍ?

ብዙ ገጾች ላይ የሚታየው ዓይነት አጀማመር ይህን ይመስላል፦ «በአፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት እንደታነጸ የሚነገርለትና በየዓመቱ ጥር 11 ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ምዕመናንና ጎብኚዎች ከአገር ውስጥም ከውጭም ተሰባስበው የጥምቀትን በዓል የሚያከብሩበት ታሪካዊው የጎንደር ጥምቀተ ባሕር ውኃው የሚመጣለት ከቀሃ ወንዝ ነው።» በሰዋስው በኩል ነቀፋ የለበትም። ሆሄ በሆሄ ብንቆጥረው ግን 125ኛው ላይ ስንደርስ «ታሪካዊው» የሚለውን ቃል ገና መጨረሳችን ነው። ከዚያ ይቆረጣል። አንባቢው ታሪካዊው ምን እንደሆነ እንኳ አላወቀም፤ ስለ ወንዙ የተነገረው፣ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አዲስ የሆነው ብቸኛ ነገር፣ ከመቆረጫው ወዲያ ቀርቷል።

ሌላው የተለመደ አጀማመር አጭር ነው፦ «ጥምቀት በጎንደር በድምቀት ተከበረ።» ይህ አይቆረጥም፤ ግን ምንም አይጨምርም። ጥምቀት መሆኑን ፎቶው ተናግሯል፤ ድምቀቱንም አሳይቷል። ዐይን ፎቶውን ከጽሑፉ ቀድሞ ያየዋል፤ ስለዚህ ያየውን በቃል የሚደግም መስመር ለአንባቢው የሚነግረው «ከዚህ በታች የማታውቀው ነገር የለም» ብሎ ነው። ሰው እንዲህ ያለውን መስመር አልፎ ሲሄድ ስንፍና ይመስለናል። እኔ ግን ትክክለኛ ፍርድ ነው እላለሁ።

ሦስተኛው አጀማመር ማጥመጃው ነው። «ይህን ሳታውቁ ጎንደር እንዳትሄዱ!» «ስለዚህ ገንዳ ማንም ያልነገራችሁ ጉድ!» ይህ በእርግጥ ያስከፍታል። ክፋቱ በትክክል የት ላይ እንደሆነ ለማየት ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2016 የወሰደውን መመዘኛ ማስታወስ ይጠቅማል። ኩባንያው በዚያ ዓመት የማጥመጃ ርዕሶችን ስርጭት እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ ሠራተኞቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ርዕሶችን በሁለት ጥያቄ እንደለዩ ገልጿል። የመጀመሪያው፣ ርዕሱ ነገሩን ለመረዳት የሚያስፈልገውን መረጃ ሆን ብሎ ደብቋል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ነገሩን ከሆነው በላይ አጋንኖ የተሳሳተ ነገር እንድንጠብቅ አድርጓል ወይ የሚል ነው። በዓመቱ ኩባንያው ሁለቱን ጥፋቶች ለየብቻ መመልከት ጀመረ፤ አንዱ ያለሌላው ሊገኝ ይችላልና። «ይህን ሳታውቁ እንዳትሄዱ» መደበቅ ነው። «ማንም ያልነገራችሁ ጉድ» መደበቅም ማጋነንም ነው፤ የገንዳውን ነገር ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ምን እንጻፍ? ፎቶው የማያሳየውን እንፈልግ። ገንዳው በፎቶው ላይ ሞልቷል፤ ሰው ይዘልበታል። ፎቶው ፈጽሞ ሊያሳየን የማይችለው ገንዳው በሌላው ቀን ምን እንደሚመስል ነው። አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ከጥምቀት ቀደም ብሎ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። እንግዲያው፦ «ይህ ገንዳ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ውኃ የለውም። ለጥምቀት ሲባል ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተስቦ ይሞላል።» ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች አንድ ላይ ከ65 ፊደል አይበልጡም። ከመቆረጫው በፊት ግማሽ ያህል ቦታ ገና ይቀራል፤ ግሦቹም በቦታቸው አሉ።

ይህ መስመር ለምን ይስባል? ምንም አልደበቀም፤ እንዲያውም ዋናውን ነገር ገና ሲጀምር ሰጥቷል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብትና የሥነ ልቦና ምሁር ጆርጅ ሎዌንስታይን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጥናት የማወቅ ጉጉት የሚነሣው በምናውቀውና ልናውቅ በምንፈልገው መካከል ክፍተት እንዳለ ስናስተውል ነው ብሏል። ክፍተቱን ለማስተዋል ደግሞ አስቀድሞ የያዝነው ነገር መኖር አለበት። ስለ ጉዳዩ ምንም ያልያዘ ሰው ምን እንደጎደለው አያውቅም። ማጥመጃው ባዶ ክፍተት ብቻ ያቀርባል፤ «አንድ ነገር አለ፤ ግን አልነግርህም» ይላል። የገንዳው መስመር ግን ለአንባቢው እውነተኛ ነገር አስይዞታል፤ ጥያቄው ከያዘው ነገር ላይ ራሱ ይበቅላል። ወንዙ ምን ያህል ይርቃል? ቦዩን ማን ሠራው? በዓሉ ሲያልፍስ ውኃው የት ይሄዳል? እነዚህን ጥያቄዎች ጸሐፊው አልጻፋቸውም፤ አንባቢው ራሱ ጠየቃቸው። ከፍቶ የሚያነበውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጥያቄ ምልክት አንድ ነገር ልበል። ብዙዎች «ይህ ገንዳ በሌላ ጊዜ ደረቅ እንደሆነ ያውቃሉ?» ብለው መጀመር ይወዳሉ። እኔ አልመክረውም። «ያውቃሉ?» የሚለውን ጥያቄ የማያውቅ ሰው በልቡ «አላውቅም» ብሎ መልሶ ያልፋል፤ የሚያውቀው ደግሞ «አዎ» ብሎ ያልፋል። ነገሩን በቀጥታ መናገር ይሻላል። ጥያቄ የሚሠራው አንባቢው ከራሱ ሕይወት መልስ ሊሰጥበት ሲችል ነው፤ ለምሳሌ ለከተማው ተወላጆች «ልጅ ሳላችሁ ከየትኛው ጥግ ነበር የምትዘልሉት?» ብንላቸው።

መስመሩ ከተገኘ በኋላ ሁለት ፈተና ይቀርለታል። የመጀመሪያው፣ እዚያው ላይ ቆሞ ያለፈውን አንባቢ ማሰብ ነው። ቀሪውን ያልከፈተው ሰው ይዞት የሄደው ነገር እውነት ነው? «ይህ ገንዳ ውኃ የለውም» ብለን ብንቆርጠው ኖሮ፣ ያለፈው ሰው የተሳሳተ ነገር ይዞ ይሄድ ነበር፤ ማስተካከያው ከታች ቢኖርም እሱ አላየውም። «አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ» የሚሉት ሦስት ቃላት ስለዚህ ሊወጡ አይችሉም፤ መስመሩን ቢያረዝሙትም እውነቱ ያለው እነሱ ላይ ነው። ሁለተኛው ፈተና የከፈተውን ሰው ማሰብ ነው። መስመሩ ስለ ውኃው ቃል ገብቶ ቀሪው ጽሑፍ ስለ ሆቴል ዋጋና ስለ አስጎብኚ ድርጅት ስልክ ቁጥር ከሆነ፣ መስመሩ ምንም ያህል እውነት ቢሆን ያው ማጥመጃ ሆኗል። የውኃው ታሪክ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መቀጠል አለበት። ማስታወቂያው ካለ በግልጽ ማስታወቂያ መሆኑ ታውቆ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ።

ቦታ የሚበሉ ነገሮችም አሉ። «እንደምን ሰነበታችሁ ውድ የገጻችን ተከታታዮች» የሚለው ሰላምታ ብቻውን 28 ፊደል ይወስዳል። የሃሽታግ ድርድርና የኢሞጂ ሰልፍም መጀመሪያ ላይ ከመጡ እንደዚያው ነው። ሰላምታው ይቅር አልልም፤ ወደ ታች ይውረድ እንጂ። የፎቶ አንሺውን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን በተመለከተ ግን የዜና ፎቶ ልማድ የተለየ መሆኑ መታወቅ አለበት። የዜና ወኪሎች የፎቶ መግለጫ ሲጽፉ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚለውን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያስገባሉ፤ ፎቶውን የሚቀበለው አዘጋጅ የሚፈልገው መጀመሪያ እሱን ነውና። የጎንደሩ ፎቶ በእንዲህ ያለ መንገድ የሚላክ ከሆነ ደረቁ ገንዳ ሁለተኛ ይሆናል።

ይህ ልማድ ከዜና ክፍሉ ውጭም ፈጽሞ የማይነካበት ጊዜ አለ፤ ሞት፣ አደጋና ግጭት ሲሆን። «በአዲስ አበባ አሳዛኝ አደጋ ደረሰ…» ብሎ የሚቆረጥ መስመር ሪያድ ወይም ቤይሩት ሥራ ላይ ያለች ልጅ ስልክ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ እናስብ። ቀሪውን ለመክፈት ሰከንድ ይበቃል፤ ግን ማሳወቂያውን አይታ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥባትስ? ወይም አሠሪዋ ስልኩን አስቀምጪ ቢሏትስ? እስከ ማታ እናቷን ስታስብ ትውላለች። ሰፈሩ፣ የአደጋው ዓይነትና የተጎጂዎች ብዛት ከታወቀ ሁሉም ከመቆረጫው በፊት መግባት አለባቸው፦ «ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ሁለት መኪኖች ተጋጭተው ሦስት ሰዎች ቆሰሉ፤ የሞተ የለም።» ይህ አንባቢ ለመሳብ አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ መሳብ የሚባለው ነገር ራሱ መነሣት የለበትም።

መስመሩ እንደሠራ ወይም እንዳልሠራ አስተያየቶቹን በማንበብ ይታወቃል፤ የመውደድ ብዛት ብዙም አይናገርም። ሰዎች «የት ነው ይሄ?» «መቼ ነው?» እያሉ በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ነገር የሚጠይቁ ከሆነ ከመቆረጫው አላለፉም፤ መስመሩ አልሳባቸውም ወይም የሚፈልጉት ነገር ርቆ ተቀብሯል። «ታዲያ ምኑ ነው ጉዱ?» ካሉ ደግሞ ከፍተው አንብበዋል፤ ግን መስመሩ ከጽሑፉ በልጧል። «ቦዩ አሁንም አለ?» «ውኃው በስንት ቀን ይሞላል?» ብለው ከጽሑፉ አልፈው ከጠየቁ መስመሩም ጽሑፉም ሠርተዋል። ኢንስታግራም፣ ፌስቡክና የቴሌግራም ቻናል ሦስቱም የተለጠፈን ጽሑፍ ማረም ይፈቅዳሉ፤ ስለዚህ አንደኛው ዓይነት አስተያየት ሲደጋገም ፎቶውን ሳያነሡ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ መቀየር ይቻላል። ማሳወቂያው አስቀድሞ ለደረሳቸው ሰዎች ግን ስልካቸው ላይ የታየው የድሮው መስመር ነው።