የባትሪው ዋጋ በማን ላይ ይውደቅ?

መጋቢት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ መርሐ ግብር ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉን ከዋናው መስመር ውጭ፣ በዋናነት በፀሐይ ኃይል፣ ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ደብረ ታቦር ዋናው መስመር አላት፤ በጉና ዙሪያ ተራርቀው ለሰፈሩ መንደሮች ግን አንዱ አማራጭ የጋራ የፀሐይ ጣቢያ ነው። የሚያጨቃጭቀው ተከላው ካለቀ በኋላ የሚመጣው የወር ክፍያ ነው።

ፓነሎቹ ቀን ያመረቱት ኃይል በኢንቨርተር አልፎ በምሰሶ ሽቦ ለየቤቱ ይታደላል፤ የተረፈው ባትሪ ይሞላል። ፓነል ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል፣ የሊቲየም ባትሪ ግን 10 ዓመት ገደማ። ስለዚህ ማታ መብራት ያበራ ሁሉ ባትሪውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨረሰው ነው።

አንድ ወፍጮ ያለው የ120 አባወራ መንደር እናስብ። ባትሪው 1,200,000 ብር ቢያወጣ በ10 ዓመት ለመተካት በወር 10,000 ብር ይቀመጥ። ለጥበቃና ለኦፕሬተር 8,000፣ ለጥገና 6,000፤ ድምር 24,000 ብር። እንደ ዕድር መዋጮ እኩል እናዋጣ ቢባል፣ ወፍጮውን ጨምሮ ለእያንዳንዱ ወደ 198 ብር ይደርሳል። በወር 3 ኪሎዋት ሰዓት የምትጠቀም ባልቴትና 40 የሚፈጅ ማቀዝቀዣ ያለው ሱቅ እኩል ከፈሉ ማለት ነው። ይህ ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም።

የሚሻለው ክፍያውን ለሁለት መክፈል ነው። ለጥበቃና ለኦፕሬተር የሚወጣው ቢጠቀሙም ባይጠቀሙም ስለሆነ፣ ከየቤቱ 60 ብር፣ ከወፍጮው 800 ብር መነሻ ይሰብሰብ፤ 8,000ው ሞላ። ቀሪው 16,000 በቆጣሪ ይከፈል። ወፍጮው በወር 800 ኪሎዋት ሰዓት ቀን ብቻ ቢፈጅ ባትሪውን እምብዛም አይነካምና በ5 ብር ይታሰብለት፤ ቤቶቹ ለሚፈጁት 1,200 ደግሞ 10 ብር። ባልቴቷ 90፣ ሱቁ 460፣ ወፍጮው 4,800 ብር ይደርስባቸዋል፤ ሒሳቡም ይገጥማል።

የወፍጮ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ ለስለስ አድርጎ የሚያስነሳ መሣሪያ ከሌለው ኢንቨርተሩን ያጠፋዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል፤ ማታ አምስት ስድስቱ ቢገጣጠሙ መንደሩ ይጨልማል። ሁለቱም ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት፣ ከረፋዱ 4 እስከ 10 ሰዓት ቢሠሩ ይበጃል። የክረምቱ ደመና ሲበረታ ደግሞ ተራ ማውጣት ግድ ነው።

ገበሬው ገንዘብ የሚያገኘው አዝመራ ሲገባ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የበርካታ ወራት ክፍያ አስቀድሞ በካርድ ቢሞላ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውዝፍ አይከማችም።

አንድ ነገር ግን ጣቢያውን ከሚያስተዳድረው የመንደሩ ኮሚቴ አቅም በላይ ነው። ባትሪው የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ ለባትሪ በብር የተቀመጠ ገንዘብ ሁሉ የመግዛት አቅሙ ወረደ። ስለዚህ ታሪፉ በየዓመቱ፣ በወቅቱ የባትሪ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ በጠቅላላ ጉባኤ ይከለስ። የባትሪው ገንዘብም ከደመወዙ ተለይቶ፣ በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ በሚወጣ ሒሳብ ይቀመጥ። ከዚህ ቀደም እስከ ንጋት ይቆይ የነበረው መብራት፣ ጠራራ በዋለበት ቀንም ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ መጥፋት ከጀመረ፣ ባትሪው ዕድሜውን እየጨረሰ ስለሚሆን ኦፕሬተሩ ያኔውኑ ለኮሚቴው ያስታውቅ።