ፎቶ ላይ የሚጠፋው አሃዝ

በኤሌክትሮኒክ ሚዛን ላይ የበራ ቀይ ቁጥር በስልኩ ፎቶ ያነሳ ሰው አንዳንዴ ግራ ይጋባል። በዓይኑ ሲያይ አራቱም አሃዞች ቁልጭ ብለው በርተዋል፤ ፎቶው ላይ ግን አንዱ ወይም ሁለቱ የሉም። እውነቱን የያዘው ስልኩ ነው። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች ላይ አራቱ አሃዞች አንድ ላይ በርተው አያውቁም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሽቦ ነው። እያንዳንዱ አሃዝ በ8 ቁጥር ቅርጽ የተደረደሩ ሰባት ትንንሽ ዘንጎች አሉት፤ ነጥቡ ሲጨመር መብራቶቹ ስምንት ይሆናሉ። አራት አሃዝ ማለት እንግዲህ 32 መብራት ነው። አርዱይኖ ኡኖ የተባለችው የተማሪዎች ሰሌዳ ደግሞ ለዚህ የሚሆኑ እግሮቿ 20 ብቻ ናቸው። መፍትሔው በየአሃዙ ተመሳሳይ ቦታ ያሉትን ዘንጎች፣ ለምሳሌ የላይኞቹን አራቱንም፣ በአንድ ሽቦ ማያያዝ ነው። ለዘንጎቹ ስምንት ሽቦ፣ አሃዞቹን በየተራ ለመክፈት አራት ሽቦ፤ በ12 እግር ተገላገልን። ይህ ማልቲፕሌክሲንግ ይባላል።

ተራው እንዲህ ይሄዳል። ሰዓቱ 12:47 ነው እንበል። ማይክሮኮንትሮለሩ የ1ን ቅርጽ በስምንቱ ሽቦ ይልክና የመጀመሪያውን አሃዝ ብቻ ለ2 ሚሊሰከንድ ይከፍታል። ከዚያ ይዘጋውና የ2ን ቅርጽ ልኮ ሁለተኛውን ይከፍታል፤ 4 እና 7ም እንዲሁ። ዙሩ በ8 ሚሊሰከንድ ስለሚያልቅ በሰከንድ 125 ጊዜ ይደገማል። ዓይናችን ይህን ፍጥነት መለየት ስለማይችል አራቱም የበሩ ይመስሉታል። ማመን ያቃተው ሰው በፕሮግራሙ ውስጥ 2ቱን ወደ 500 ይለውጠው፤ አሃዞቹ አንድ በአንድ ሲበሩና ሲጠፉ ያያል።

ቅርጾቹ ከየት ይመጣሉ? ለየቁጥሩ የትኛው ዘንግ ይብራ፣ የትኛው ይጥፋ እያሉ ረጅም የ«ከሆነ» ሰንሰለት መጻፍ ይቻላል፤ ግን አድካሚ ነው፣ ስህተትም ይወልዳል። ቅርጾቹን አስቀድሞ አስልቶ በሰንጠረዥ ማስቀመጥ ይሻላል። ዘንጎቹ ከላይኛው ተነስተው በቀኝ በኩል እየዞሩ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ይባላሉ፤ የመሀሉ ጂ ነው። ዋጋቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እና 64 ነው። ቁጥር 4ን ለመጻፍ ቢ፣ ሲ፣ ኤፍ እና ጂ መብራት አለባቸው። 2 ሲደመር 4፣ 32 እና 64፣ ድምሩ 102። ፕሮግራመሮች በለመዱት የ16 መሠረት አጻጻፍ ይህ `0x66` ነው። የሁሉም ሲሰላ ሰንጠረዡ ይህን ይመስላል፦

```
const byte digits[10] = {
  0x3F, 0x06, 0x5B, 0x4F, 0x66,
  0x6D, 0x7D, 0x07, 0x7F, 0x6F
};
```

ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር `digits[4]` ሲባል `0x66` ይወጣል። ፕሮግራሙ የ4ን መልክ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ከመደርደሪያው አንስቶ መላክ ብቻ ነው። ዘንጎቹን አፈራርቆ ያገናኘም ሰው ሽቦ ከመንቀል አሥሩን ቁጥሮች ቢያርም ይቀለዋል።

ጀማሪን የሚያሰቃየው ችግር ግን ጥላ ነው። 12:47 ላይ 7ቱ ደብዘዝ ያለ ጭራ አልባ 9 መስሎ ይታያል። መንስኤው ቅደም ተከተል ነው፤ የ7ቱ አሃዝ የተከፈተው በሽቦዎቹ ላይ ገና የ4 ቅርጽ እያለ ነው። ስለዚህ ኤፍ እና ጂ ለቅጽበት በ7ቱ ላይ ይበራሉ። መድኃኒቱ መጀመሪያ ሁሉንም አሃዝ መዝጋት፣ ቀጥሎ ቅርጹን መቀየር፣ በመጨረሻ ተረኛውን መክፈት ነው።

ሌላው ስህተት ከሬዚስተር ይመጣል። ወጪ ለመቆጠብ ብሎ ለአንድ አሃዝ አንድ ሬዚስተር ብቻ የጋራው እግር ላይ ያደረገ ሰው፣ ያንኑ ኃይል 1 ለሁለት ዘንግ፣ 8 ለሰባት ስለሚያካፍሉት 1 ቦግ ብሎ 8 ሲደበዝዝ ያያል። ሬዚስተሩ በየዘንጉ ሽቦ ላይ መሆን አለበት። በ5 ቮልት ከ220 ኦም ጋር አንድ ቀይ ዘንግ 13 ሚሊአምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ሰባቱ ሲበሩ 90ን ያልፋል። የአርዱይኖዋ ቺፕ አንድ እግር ከ40 በላይ ስለማይችል የየአሃዙን የጋራ እግር የሚከፍት ትራንዚስተር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ተራ የማስያዙን ሥራ ከሌላው ፕሮግራም ጋር በአንድ መስመር ያስኬደ ሰው፣ የሙቀት መለኪያው እስኪመልስለት ሲጠብቅ ተራው ይቆማል። ያን ጊዜ አንዱ አሃዝ ብቻ ከወትሮው አራት እጥፍ ደምቆ ይቀራል፣ ሦስቱ ይጠፋሉ። ተራውን በየ2 ሚሊሰከንዱ እየቀሰቀሰ ለሚያስኬደው ለቺፑ የውስጥ ታይመር ቢሰጡት፣ ፕሮግራሙ የፈለገውን ያህል ቢጠብቅም ሰዓቱ 12:47 እንዳለ ይቆያል።