አንድ ፎቶ፣ ሁለት ቀይ

በዲጂታል ፎቶ ውስጥ የተቀመጠው ቀለም ሳይሆን ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ በተለመደው ፋይል ሁሉም ከ0 እስከ 255 ባለው መካከል ይወድቃሉ። ቁጥሮቹ ለሞኒተሩ የሚነግሩት የትኛውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያበራ ብቻ ነው። ቀዩ ምን ዓይነት ቀይ እንደሚሆን የሚወስኑት ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራትና ከፊቱ ያሉት የቀለም ማጣሪያዎች ናቸው። እነዚህ ደግሞ በየፋብሪካውና በየዋጋው ይለያያሉ።

በጭሮ አንድ ፎቶ ቤት የሰርግ ፎቶ አነሳ እንበል። ሙሽራዋ የለበሰችው ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ ነው። ፎቶው ጭሮ ላይ በላፕቶፕ ይስተካከላል፤ አልበሙ የሚታተመው ድሬዳዋ ነው። በዋጋ ዝቅ ያሉ ላፕቶፖች ስክሪን ብዙ ጊዜ የሚያሳየው sRGB ከሚባለው የተለመደ የቀለም ክልል 60 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥለቱ ደብዘዝ፣ የሙሽራዋም ፊት አመድማ ብሎ ይታያል። ባለሙያው ይህን አይቶ ቀለሙን ያጎላዋል። ያው ፎቶ ድሬዳዋ ላይ በተሻለ ሞኒተር ሲከፈት ፊቷ ብርቱካናማ ሆኖ ይገኛል። ጥለቱን አጉልቶ ላየው ሰው ጉዳቱ ይብሳል፦ የቀዩ ቁጥር በየነጥቡ 255 ላይ ስለደረሰ የክሩ መስመሮች ጠፍተው ጥለቱ አንድ ወጥ ቀይ ሆኗል። ይህን የሚመልስ ሞኒተር የለም፤ ከመጀመሪያው ፋይል እንደገና መሥራት ያስፈልጋል።

የቀሚሱ ነጭም አይተርፍም። የነጭ መለኪያው 6500 ኬልቪን ነው፤ ብዙ ስክሪኖች ግን ከፋብሪካ ሲወጡ ነጫቸው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ዓይን በጥቂት ደቂቃ ስለሚለምደው አንዱን ስክሪን ብቻውን የሚያይ ሰው ይህን አያስተውልም። ልዩነቱ የሚወጣው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

የቀለም ፕሮፋይል የተፈጠረው ለዚህ ችግር ነው። በ1993 (እ.ኤ.አ.) አፕል፣ አዶቢ፣ ማይክሮሶፍትና ኮዳክ ያሉበት የስምንት ኩባንያዎች ማኅበር አንድ የጋራ የፋይል ዓይነት ለማውጣት ተቋቋመ፤ sRGB ደግሞ በ1996 ከኤችፒና ከማይክሮሶፍት መጣ። ፕሮፋይል ትንሽ ፋይል ነው፤ ሥራውም የአንድን መሣሪያ ቁጥሮች በሰው ዓይን ላይ ተመሥርቶ ከተለካ ቀለም ጋር ማገናኘት ነው። ሁለት ፕሮፋይሎች ያስፈልጋሉ፦ አንዱ ከፎቶው ጋር ተያይዞ ቁጥሮቹ የየትኛው ክልል እንደሆኑ ይናገራል፤ ሌላው ያ ሞኒተር እንዴት እንደሚያበራ ይገልጻል። ፕሮግራሙ ሁለቱን አንብቦ ቁጥሩን ይቀይራል።

ለምሳሌ የፎቶው ቀይ በ sRGB 255፣ 0፣ 0 ቢሆንና ሞኒተሩ ሰፊውን የ Display P3 ክልል የሚያሳይ ቢሆን፣ ፕሮፋይል የማያነብ ፕሮግራም ቁጥሩን እንዳለ ይልከዋል፤ ቀዩም ከታሰበው በላይ ይደምቃል። ፕሮፋይል የሚያነበው ግን 234፣ 51፣ 35 ብሎ ይልካል። የሞኒተሩ ቀይ ከሚፈለገው በላይ ጠንካራ ስለሆነ ጥቂት አረንጓዴና ሰማያዊ ተጨምሮ ይለዝባል ማለት ነው። ቁጥሩ ተለወጠ፤ ዓይን የሚያየው ቀይ ግን የታሰበው ሆነ።

ስለዚህ አንድ ፎቶ በአንድ ስክሪን ላይ በሁለት ፕሮግራሞች ተከፍቶ ቀለሙ ከተለያየ፣ ሞኒተሩን ከመውቀስ በፊት ከፕሮግራሞቹ አንዱ ፕሮፋይል እንደማያነብ መጠርጠር ይገባል። ሁለተኛው የተለመደ ስህተት በፎቶሾፕ ውስጥ Assign Profile እና Convert to Profile የሚሉትን ማምታታት ነው። የመጀመሪያው ቁጥሩን ሳይነካ ትርጉሙን ስለሚለውጥ ፎቶው መልኩን ይቀይራል፤ ሁለተኛው መልኩን ጠብቆ ቁጥሩን ይለውጣል። ከጭሮ ወደ ድሬዳዋ ለሚላክ ፎቶ፣ ማተሚያ ቤቱ ሌላ ካልጠየቀ፣ የሚበጀው በሁለተኛው ወደ sRGB ቀይሮ ፕሮፋይሉን አያይዞ መላክ ነው። በ Adobe RGB የተቀመጠ ፎቶ በመንገድ ፕሮፋይሉ ከወደቀበት ያው ቀይ እዚያ 219፣ 0፣ 0 ተብሎ ስለተጻፈ፣ sRGB ነው ብሎ የሚያነበው ማሽን አደብዝዞ ያወጣዋል።

የሞኒተር ፕሮፋይል አስተማማኝ የሚሆነው በስክሪኑ ላይ በሚቀመጥ የቀለም መለኪያ መሣሪያ ሲሠራ ነው። ከአምራቹ የሚገኘው ፕሮፋይል የሞዴሉን ጠባይ እንጂ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አንዱን ሞኒተር አይገልጽም። የተለካውም ቢሆን የሚያገለግለው በተለካበት ሁኔታ ነው፤ ብርሃኑ ወይም የቀለም ሁነታው ከተቀየረ እንደገና መለካት አለበት። በዊንዶውስ የትኛው ፕሮፋይል ሥራ ላይ እንዳለ `colorcpl` በሚለው ትእዛዝ ይታያል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ጠባብ ስክሪን አቅሙ የማይደርስበትን ቀይ ማሳየት አይችልም፤ ፕሮፋይሉ ወደሚቀርበው ቀለም ያመጣለታል እንጂ ክልሉን አያሰፋውም። በእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላይ ጥለት የሚያስተካክል ባለሙያ ከስክሪኑ ይልቅ ሂስቶግራሙን ቢያይ ይሻላል፤ የቀዩ ግራፍ በቀኝ ጠርዝ ከተከመረ ክሩ መጥፋት ጀምሯል።