በፋብሪካ የእሳት አደጋ ልምምድ ጊዜ በድምፅ ማጉያ የሚነበብ ማስታወቂያና የአፈጻጸም መመሪያ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት አሠሪው፣ ሠራተኞቹ ከሥራቸው ጋር ተያይዞ ሊደርስ ስለሚችል አደጋና ሊወሰድ ስለሚገባው ጥንቃቄ ተገቢውን መመሪያና ማሳሰቢያ እንዲያገኙ የማድረግ ግዴታ አለበት። በአንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የደኅንነት መመሪያዎችን የማክበር፣ አደጋ ሊያስከትል የሚችል ሁኔታ ሲያይም ለአሠሪው የማሳወቅ ግዴታ ተጥሎበታል። ይህ ጽሑፍ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስና አካባቢው በፎቅ ሕንፃዎች ውስጥ ለሚሠሩ አምራች ድርጅቶችና ሠራተኞቻቸው የተዘጋጀ ሲሆን፣ በእሳት አደጋ ልምምድ ወቅት የሚነበበው ማስታወቂያ ምን መያዝ እንዳለበት ያብራራል።

ማስታወቂያው በሁለት መንገድ ሊከሽፍ ይችላል። የመጀመሪያው ለሁሉም ሳይደርስ ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በኒውዮርክ ከተማ በትራያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ እሳቱ የተነሣው በ8ኛው ፎቅ ነበር። በ10ኛው ፎቅ የነበሩት በስልክ ሲነገራቸው ለ9ኛው ፎቅ ግን ማስጠንቀቂያው አልደረሰም። በዚያ አደጋ 146 ሰዎች ሞቱ። ሁለተኛው፣ ማስጠንቀቂያው ተሰምቶ ሳይታመን ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በባንግላዴሽ በታዝሪን የልብስ ፋብሪካ የአደጋ ደወሉ ሲጮኽ፣ ኃላፊዎች ሠራተኞቹን ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ እንዳዘዙ ከአደጋው የተረፉት ተናግረዋል። በዚያም ቢያንስ 112 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ስለዚህ መሠረታዊው ደንብ የሚከተለው ነው፦ ልምምድም ይሁን እውነተኛ እሳት፣ ደወል ሲሰማ ሁሉም ሰው ይወጣል። ደወሉ እውነት መሆን አለመሆኑ የሚጣራው ሰዎች ከወጡ በኋላ ነው።

ማስታወቂያው ሲጻፍ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር መሆን አለባቸው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ በመሆኑ፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚሰማ ሰው ምን እንዲያደርግ እንደታዘዘ የሚያውቀው ንግግሩ ካበቃ በኋላ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ትእዛዝ ብቻ ይሰጥ። አንባቢው በዝግታ ያንብብ፤ ጽሑፉንም ሁለት ጊዜ ይድገም። በድርጅቱ አማርኛ በደንብ የማይሰሙ ሠራተኞች ካሉ፣ ያው ጽሑፍ በሚገባቸው ቋንቋ ወዲያው ይነበብ።

ከልምምዱ በፊት፣ በዕለቱ ጠዋት የሚነበብ፦

«የተከበራችሁ ሠራተኞች፣ ዛሬ የእሳት አደጋ ልምምድ እናደርጋለን። ደወሉ ሲጮኽ ሥራ አቁሙ። በአቅራቢያችሁ ባለው የመውጫ በር ውጡ። የፎቃችሁን አስተባባሪ ስሙ። ልምምዱ ሳይጀመር በፊት ደወል ከሰማችሁም ውጡ።»

ደወሉ እንደተሰማ የሚነበብ፦

«ትኩረት! ትኩረት! ይህ ልምምድ ነው። ማሽን አጥፉ። ዕቃችሁን ተዉ። አሁኑኑ ውጡ። በደረጃ ውረዱ። አሳንሰር አትጠቀሙ። አትሩጡ። አትገፋፉ። በሩን ዝጉ፤ ግን አትቆልፉ። ነፍሰ ጡሮችንና አካል ጉዳተኞችን እርዱ። ወደ መሰብሰቢያው ቦታ ሂዱ። ወደ ኋላ አትመለሱ።»

እውነተኛ እሳት ሲነሣ የሚነበበው ጽሑፍ ከዚህ የሚለየው በሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው፤ «ይህ ልምምድ ነው» በሚለው ምትክ «እሳት ተነሥቷል» ይባላል። «ጭስ ካለ ዝቅ ብላችሁ ሂዱ» የሚል ትእዛዝም ይጨመርበታል። ትእዛዞቹ አንድ ዓይነት የሆኑት፣ ሠራተኛው በልምምድ የለመደውን በአደጋ ጊዜ ሳያመነታ እንዲደግመው ነው።

ሁሉም ሰው ተቆጥሮ ከተረጋገጠ በኋላ የሚነበብ፦

«ልምምዱ ተጠናቋል። ሁላችንም ተቆጥረናል። አሁን ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል። ችግር ያያችሁ ለአስተባባሪያችሁ ንገሩ።»

አፈጻጸሙን ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ሕንፃ 2ኛና 3ኛ ፎቅ ላይ 120 ሠራተኞች ያሉት የልብስ ስፌት ድርጅት አለ እንበል። ደወሉ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ላይ ጮኸ፤ የመጨረሻው ሰው የወጣው ከ6 ደቂቃ ተኩል በኋላ ነው። አስተባባሪዎቹ በሰዓት መቆጣጠሪያ የያዙት መዝገብ መዘግየቱ ከየት እንደመጣ ያሳያል። በ3ኛው ፎቅ ማሽኖች እየሠሩ ስለነበር ማስታወቂያው አልተሰማም፤ ሥራ እስኪቆም ከ1 ደቂቃ በላይ አለፈ። የኋላው ደረጃ በር ደግሞ ለስርቆት መከላከያ በሚል በሰንሰለት ታስሮ ስለነበር ሁሉም በአንድ ደረጃ ለመውረድ ተገደደ።

በመሰብሰቢያው ቦታ የተገኙት 117 ናቸው። የደመወዝ መዝገብ ቢታይ 3 ሰዎች ጎድለዋል ማለት ነው። የዕለቱ መቆጣጠሪያ ግን ጠዋት የገቡት 118 መሆናቸውን ያሳያል፤ ሁለቱ ፈቃድ ላይ ናቸው። የጎደለው አንድ ሰው በጨርቅ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ በዚያ ድምፅ ማጉያ የለም። እሳቱ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ፣ በደመወዝ መዝገብ የሚቆጥር ኃላፊ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን በሕንፃው ውስጥ የሌሉ ሁለት ሰዎችን ፍለጋ ወደ ጭስ ይልክ ነበር። ስለዚህ አስተባባሪው የዕለቱን መቆጣጠሪያና የእንግዶችን ዝርዝር ይዞ መውጣት አለበት።

ከዚህ ልምምድ የሚከተሉት ማስተካከያዎች ይወሰዳሉ። ደወሉ እንደጮኸ የየፎቁ አስተባባሪ የማሽኖቹን ዋና ማብሪያና ማጥፊያ ያጠፋል። የኋላው በር ሰንሰለት ተነሥቶ፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መዝጊያ ይገጠምለታል። በመጋዘኑ ተጨማሪ ድምፅ ማጉያ ይተከላል፤ አስተባባሪውም ሲወጣ መጋዘንና መጸዳጃ ቤት አይቶ ይወጣል። መስማት ለተሳነው ሠራተኛ አብሮት የሚወጣ ባልደረባ አስቀድሞ ይመደባል። መብራት ሲጠፋ ድምፅ ማጉያው ሊዘጋ ስለሚችል፣ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ድምፅ ማጉያና ፉጨት በየፎቁ ይቀመጣል። ማስተካከያው መሥራቱ የሚታወቀው ልምምዱ ሲደገምና ሰዓቱ ሲነጻጸር ነው።

የመሰብሰቢያው ቦታ ከሕንፃው የራቀ፣ ነገር ግን የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበትን መንገድና በር የማይዘጋ መሆን አለበት። በካዛንቺስ ባሉ ጠባብ የውስጥ መንገዶች ይህ ቦታ ከጎረቤት ጋር በመነጋገር አስቀድሞ መመረጥ ይኖርበታል። ልምምዱ ከመካሄዱ በፊት ለአካባቢው ነዋሪዎችና ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ማሳወቅ፣ ደወሉን የሰማ መንገደኛ ደውሎ መኪናዎች በከንቱ እንዳይንቀሳቀሱ ያደርጋል። እውነተኛ እሳት ሲያጋጥም ግን በ939 ነፃ የስልክ መስመር ወዲያውኑ መደወል፣ አካባቢውን፣ የሚታወቅ ምልክቱን፣ የሕንፃውን ፎቅና በውስጡ የቀረ ሰው ካለ መግለጽ ያስፈልጋል።

በሥራ ሰዓት የተቆለፈ ወይም በዕቃ የተዘጋ የመውጫ በር የተመለከተ ሠራተኛ በቅድሚያ ለአሠሪው ወይም ለድርጅቱ የደኅንነት ኃላፊ ያሳውቅ። ችግሩ ካልተስተካከለ፣ የድርጅቱን አድራሻ፣ የበሩን ቦታና ተዘግቶ የታየበትን ቀንና ሰዓት በመግለጽ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ባለሙያዎች አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።