የባክቴሪያ እድገት አራት ምዕራፎች

ግሉኮስና አሚኖ አሲድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት የኢ. ኮላይ ባክቴሪያዎች ተጨምረው በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢቀመጡ ቁጥራቸው ወዲያው አይጨምርም። በዚህ የመዘግየት ምዕራፍ የሚያግዳቸው የምግብ እጥረት ሳይሆን የራሳቸው ዝግጁ አለመሆን ነው፤ ለአዲሱ ምግብ የሚያስፈልጉት ኢንዛይሞችና ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦዞሞች በበቂ መጠን መመረት አለባቸው።

ዝግጅቱ ሲያልቅ የእጥፍ እድገት ምዕራፍ ይጀምራል። እያንዳንዱ ሕዋስ በየ20 ደቂቃው ለሁለት ቢከፈል፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 1,000 የነበሩት ከአምስት ሰዓት በኋላ ወደ 33 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ምግብ ስለተትረፈረፈ ፍጥነቱን በዋናነት የሚወስነው ሕዋሱ ፕሮቲን የመሥራት አቅሙ ነው።

ቁጥሩ ወደ ቢሊዮን ሲጠጋ የሚገባው ኦክስጅን ፍጆታውን መሸፈን ያቅተዋል፣ ምግቡ ይመናመናል፣ ከግሉኮስ የሚመነጨው አሴቲክ አሲድም ይከማቻል። ብልቃጡ ከአየር በቀር ምንም የማይገባበት በመሆኑ ምግቡ አይተካም፣ ቆሻሻውም አይወገድም። ስለዚህ የሕያዋኑ ቁጥር ባለበት ይቆማል።

በመጨረሻው የሞት ምዕራፍ ብዙዎቹ ሕዋሶች ራሳቸውን ለመጠገን የሚበቃ ኃይል እንኳ ያጣሉ። ፈሳሹ ግን እንደደፈረሰ ሊቆይ ይችላል፤ ድፍርስነትን የሚለካ መሣሪያም የሞተውን ከሕያው አይለይም። የሕያዋኑ ቁጥር የሚታወቀው ናሙናው ተበርዞ በአጋር ላይ ሲዘራና የበቀሉት ኮሎኒዎች ሲቆጠሩ ነው።